ከ«እግዜር ይስጣችሁ» በኋላ

ሳሪስ አካባቢ ያለ መድኃኒት ቤት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት አልፏል፤ የምሳ ሰዓቱ ግፊያ ረገብ ብሏል። ከመደርደሪያው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማቀዝቀዣና እስከ ጣሪያው የተደረደረ ካርቶን አለ። ባለቤቷ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ፋርማሲስት ናቸው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ወጣት የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ከሸጠላቸው ድርጅት የተላከ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ድምፅ ለመቅዳት አስፈቀደ፤ ከዚያም ጠየቀ።

«ሶፍትዌራችንን እንዴት አገኙት?»

«በጣም ጥሩ ነው። እግዜር ይስጣችሁ። ሥራችንን አቅልሎልናል።»

ብዙ ድርጅቶች ዘንድ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። ፎቶ ይነሳል፤ «ደንበኛችን በአገልግሎታችን እጅግ መርካታቸውን ገለጹ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ በብሮሹርም በቴሌግራም ቻናልም ይዞራል። ያንን ጽሑፍ ሌላ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ቢያነበው ግን ምንም አያገኝበትም። ሴትዮዋ ምን ገጥሟቸው ነበር? ምን አደረጉ? ምን ተለወጠላቸው? «ኬዝ ስተዲ» እየተባለ የሚጠራው የደንበኛ ታሪክ የሚጻፈው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ ነው። ችግሩ፣ ቃለ መጠይቁ ሳይመልሳቸው ጽሑፉ ሊመልሳቸው መሞከሩ ነው።

«በጣም ጥሩ ነው» ውሸት አይደለም። ቤቱ ለመጣ እንግዳ፣ ያውም ልጁ ለሚሆን ወጣት፣ ስለ ዕቃው በፊቱ ክፉ የሚናገር ማን ነው? ይሉኝታ አለ። ጥያቄው አስተያየት ከጠየቀ የሚመለሰው ምስጋና ነው። ወጣቱ ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ መልሱን በምስጋና ተቀብሎ ጥያቄውን ለወጠው።

## ያ ቀን የትኛው ነው?

«ከእኛ ጋር ሥራ ከመጀመርዎ በፊት፣ በዕቃ ምክንያት ክፉኛ የተበሳጩበት አንድ ቀን ይታወስዎታል?»

ዝም አሉ። ወጣቱም ዝም አለ። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ልምድ የሌለው ጠያቂ ዝምታውን ፈርቶ «ለምሳሌ የዕቃ መጥፋት ነበረብዎት?» ይልና መልሱን ራሱ ያቀብላል። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው የሴትዮዋ ሳይሆን የጠያቂው ታሪክ ነው።

«ሰኔ 30 ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ለግብር ቆጠራ እያደረግን። ከታችኛው መደርደሪያ ከኋላ በኩል የደም ግፊት መድኃኒት አገኘን፣ 14 ፓኬት። ጊዜው ካለፈ ሁለት ወሩ። ከፊቱ ደግሞ ያንኑ መድኃኒት፣ አዲሱን፣ እየሸጥን ነው! አዲሱን የገዛሁት ደግሞ በብድር ነው፣ ልጄ። አሮጌው እያለልኝ።»

ቀን አለ፤ ቦታ አለ፤ ቁጥር አለ፤ ቁጭት አለ። ከሁሉም በላይ ግን ምክንያቱ እዚያው ውስጥ አለ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ የሚቀልለው ፊት ለፊት ማስቀመጥ ነው፤ አሮጌው ወደ ኋላ ይገፋል፤ የሚሸጠው ሰው እጅ የሚያርፈው ከፊት ባለው ላይ ነው። የሙያው ሕግ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ መውጣት አለበት። ሕጉን የማያውቅ ፋርማሲስት የለም። ካርቶን ሲራገፍና ሰው መስኮቱ ላይ ሲጠብቅ ግን ሕጉ ይረሳል።

ስለ ሥራ በጥቅሉ ከመጠየቅ ይልቅ የተወሰነ ክስተት ማስተረክ አዲስ ዘዴ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ፍላናገን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአየር ኃይሉ ሲሠራ ያዳበረውን ይህን አጠያየቅ በ1954 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውን «ጥሩ አብራሪ ምን ዓይነት ነው?» ቢሉት የሚመልሰው ሁሉም የሚያውቀውን ነው። «ያን ቀን ምን ሆነ? ማን ምን አደረገ?» ቢሉት ግን ያየውን ይናገራል። ለመድኃኒት ቤቷ ባለቤትም የሠራው ይኸው ነው።

> ጥያቄው አስተያየት ከጠየቀ የሚመለሰው ምስጋና ነው።

ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ድርጅት ቢሆን ችግሩን «ዘመናዊ የመረጃ አያያዝ ሥርዓት አለመኖር» ይለው ነበር። የድርጅቱ አሮጌ ብሮሹር ላይ በእርግጥ እንደዚያ ተጽፏል። እኔ እስከማውቀው ግን ሥርዓት ስለሌለው ብቻ እንቅልፍ ያጣ ነጋዴ የለም። እንቅልፍ የሚነሳው በብድር ከተገዛ ዕቃ ኋላ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ተደብቆ ሲገኝ ነው። አንድ ችግር «አለመኖር» በሚል ቃል ከተጻፈ ጸሐፊው የደንበኛውን ችግር ትቶ የራሱን ዕቃ ስም ገልብጦ እንደጻፈ መጠርጠር ይቻላል።

## ች፣ ድ፣ ው

ቃለ መጠይቁ አርባ ደቂቃ ገደማ ወሰደ። ወጣቱ ቢሮው ሲመለስ ቅጂውን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ገለበጠው፤ ሳቁንም፣ «እንትን»ንም፣ በመሀል ገብቶ ኦአርኤስ የጠየቀውንም ሰው ጭምር። ከዚያ አትሞ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ፊደል ይጽፍበት ጀመር። ስለ ችግር የተነገረው «ች» ይባላል፤ ስለ ተደረገ ነገር የተነገረው «ድ»፤ ስለ ውጤት የተነገረው «ው»። አብዛኛው ዓረፍተ ነገር ምንም ፊደል አያገኝም። ምስጋና ፊደል የለውም።

ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ «ች» ብዙ ነው፤ «ው»ም ደህና ነው። «ድ» የተጻፈበት መስመር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ «እናንተ መጥታችሁ አስገባችሁልን፣ ከዚያ ተስተካከለ።»

በዚህ ሥራ የቆየች አንዲት የግብይት ባለሙያ ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ጉድለት ነው ትላለች። «ባለቤት ችግሩን ያስታውሳል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ነው። ውጤቱንም ያስታውሳል። መሀሉን ግን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ያንን ሰው ካላገኘህ መሀሉን ከራስህ ዕቃ መግለጫ ቀድተህ ትሞላዋለህ።» ብዙ የደንበኛ ታሪኮች ሲነበቡ ችግሩ ሰው፣ መፍትሔው ማሽን የሚመስለው ለዚህ ነው። ችግሩ ላይ ሰዎች ይታያሉ። ድርጊቱ ጋ ሲደረስ ግን ሰው ይጠፋና «ሥርዓቱ ሁሉንም ክንውን ያቀናጃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል።

ስለዚህ ወጣቱ በሳምንቱ ተመልሶ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ባለቤቷ ሳይሆን፣ መደርደሪያው ጋ ወደሚሠራው ፋርማሲስት።

## ሦስት እሑዶች

ፋርማሲስቱ የነገረው ታሪክ ከባለቤቷ ታሪክ በጣም ይለያል።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ፣ የባች ቁጥሩንና የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበትን ወር ለማስገባት ነሐሴ ውስጥ ሦስት እሑድ ፈጅቶባቸዋል። ቤቱን ዘግተው፣ ሁለት ሰው ሆነው፤ አንዱ እያነበበ አንዱ እየጻፈ። የመጀመሪያው እሑድ ሥራ ደግሞ ከንቱ ሆኖ ነበር። ፓኬቱ ላይ የሚታተመው ዓመት የፈረንጆች ነው። ፋርማሲስቱ ግን በቢን ካርድ ላይ ለዓመታት ሲጽፍ የኖረው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በልማድ እየቀየረ አስገባው። 2026 ተብሎ የታተመው 2018 ሆኖ ገባ። ሰኞ ጠዋት ሶፍትዌሩን ሲከፍቱት ቤቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ ማለት ይቻላል ጊዜው ያለፈበት ተብሎ በቀይ ተዘርዝሯል።

«ሰውነቴ ቀዘቀዘ» ይላል እየሳቀ። «እትዬ አይተውት ቢሆን ኖሮ ያኔ ነበር የሚያባርሩን፣ እኔንም ሶፍትዌሩንም።»

ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ያለፈ ዓመት ሲጻፍ የሚያስጠነቅቅ መልእክት ጨመረ። መድኃኒት ቤቱም ሁለት ነገር ጀመረ። አንደኛው ደንብ ነው፤ አዲስ የመጣ ካርቶን ተመዝግቦ ሳያልቅ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ ሲወጣም ከአሮጌው ኋላ ይሰለፋል። ሁለተኛው የሰኞ ዝርዝር ነው። በየሰኞው ጠዋት ሶፍትዌሩ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ጊዜያቸው የሚያበቃ ዕቃዎችን ያወጣል፤ ፋርማሲስቱ አትሞ መደርደሪያው ላይ ይለጥፈዋል። በዝርዝሩ ላይ ያሉት ወደ ፊት ይመጣሉ። ቶሎ የማይሸጡት ደግሞ፣ ጊዜው ገና ሳለ፣ ለአከፋፋዩ በስልክ ተነግሮ ለመመለስ ወይም ለመለወጥ ይሞከራል። ከአከፋፋዮቹ የሚቀበሉት ሁሉም አይደሉም።

እንግዲህ «ድ» ሞላ። ድርጅቱ ዘንድ ግን ክርክር አስነሳ። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያው እሑድ ከጽሑፉ እንዲወጣ ፈልጎ ነበር፤ «የራሳችንን ጉድ በራሳችን ወጪ?» በሚል። ወጣቱ እንዲቆይ ተከራከረ፤ ቆየም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሶፍትዌሩን ከገዛ ያው የዓመት ስሕተት ቤቱ ድረስ ይመጣበታል፤ አስቀድሞ ካነበበው ግን አይደነግጥም። ሦስቱ እሑዶችም እንዲሁ ናቸው። አንብቦ የሚመጣ ገዥ ለሦስት እሑድ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሳያነብ የመጣው በሁለተኛው እሑድ ያኮርፋል።

## እጥፍ ሆነ የተባለው ሽያጭ

አሁን ወደ ውጤቱ። ባለቤቷ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ አካባቢ አንድ የሚያስጎመጅ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ነበር። «ሽያጫችን እኮ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።» ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያነብ ርዕሱን አገኘሁ አለ።

ቅጂውን ያየው የሒሳብ ባለሙያ ግን አንድ ቀን ጠቀሰ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የፈቀደበት ዕለት ነው። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የፓኬቱ ዋጋ አብሮ ወጣ። ሶፍትዌሩ የገባው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። በፊትና በኋላ ያለው ሽያጭ በብር ከተነጻጸረ የሚለካው የሶፍትዌሩ ሥራ ሳይሆን የዶላር ዋጋ ነው። ባለቤቷ አልዋሹም፤ መሳቢያው ውስጥ የሚገባው ብር በእርግጥ ጨምሯል።

> በብር የተለካው ውጤት የሶፍትዌሩን ሥራ ሳይሆን የዶላርን ዋጋ ይናገር ነበር።

ስለዚህ ብር ተትቶ ፓኬት ተቆጠረ። ደግነቱ መዝገብ አለ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ዝም ተብሎ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ከሚሸጠው ተለይቶ ይቀመጣል፣ ይዘረዘራል፣ የሚወገደውም በተቆጣጣሪው አካል ዕውቅና ነው። ዝርዝሩ ሶፍትዌሩ ከመኖሩ በፊትም ይጻፍ ነበር፤ ጸሐፊው «በፊት»ን ከሰው ትዝታ ሳይሆን ከወረቀት ማግኘት የቻለው በዚህ ነው። በ2016 የበጀት ዓመት ጊዜያቸው አልፎ የተለዩት 640 ፓኬት ናቸው። በ2017 ደግሞ 190።

ይህም ቢሆን ገና አላለቀም። ከ640 ወደ 190 መውረድ ሰባ በመቶ ቅናሽ ነው፤ ርዕስ ይሆናል። ግን ባለቤቷ በ2017 ዋጋ ስለወጣ በያዙት ገንዘብ የገዙት ዕቃ ቀንሷል። ጥቂት የገዛ ጥቂት ያበላሻል፤ ሶፍትዌር ባይኖርም። ወጣቱ የግዢ ደረሰኞቹን አስፈልጎ ደመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት 16,000፣ በሁለተኛው 12,500 ፓኬት ገደማ። ከተገዛው መቶ ፓኬት ጊዜው ያለፈው በፊት 4 ነበር፤ በኋላ አንድ ተኩል ሆነ። በመቶኛ ሲሰላ ቅናሹ ስድሳ ሁለት ያህል ነው እንጂ ሰባ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ብልህ አንባቢ «ግዢያቸውስ?» ብሎ ሲጠይቅ ይፈርሳል፤ ሁለተኛው አይፈርስም።

የማይፈርሰው ቁጥር ራሱ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ቅናሹ የመጣው ከሶፍትዌሩ ነው ወይስ ከደንቡ? ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበ ሌላ ፋርማሲስት፣ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ይህንኑ ጠየቀ። «አዲሱን ከኋላ ማሰለፍ እኮ በእስክሪብቶም ይቻላል።» እውነቱን ነው። ሁለት መደርደሪያ ላለው ቤት ምናልባት እስክሪብቶ ይበቃል። እዚህ ቤት ግን ከሺህ በላይ ዓይነት ዕቃ አለ፤ በየሰኞው ያንን ሁሉ እያገላበጠ ቀን የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ ጽሑፉ የሚለው «ሶፍትዌሩ ቀነሰው» ሳይሆን «ደንቡና የሰኞው ዝርዝር አብረው ከሠሩ በኋላ ቀነሰ» ነው። ሻጩ በዚህ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን እንዲህ የተጻፈውን ነው የማምነው።

## ሦስት አንቀጽ

ከአርባ ደቂቃው ንግግርና ከሁለተኛው ጉብኝት የወጣው ጽሑፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ዋናው ክፍል እንዲህ ይነበባል፦

«ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በሳሪስ የሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ዓመታዊ ቆጠራ ሲያደርግ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ኋላ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር የሆነው 14 ፓኬት የደም ግፊት መድኃኒት አገኘ። ከፊቱ በብድር የተገዛው አዲስ ዕቃ ይሸጥ ነበር። አዲስ ካርቶን ሲመጣ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ አሮጌው ከኋላ ይቀራል።

«በነሐሴ ወር ሠራተኞቹ ሦስት እሑድ ቤቱን ዘግተው እያንዳንዱን ባች መዘገቡ። የመጀመሪያው እሑድ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለገባ እንደገና መሠራት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ያልተመዘገበ ካርቶን መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ በየሰኞው በሦስት ወር ውስጥ ጊዜያቸው የሚያበቃ ዕቃዎች ዝርዝር ታትሞ ይለጠፋል።

«በ2016 የበጀት ዓመት ከተገዛው መቶ ፓኬት 4ቱ ጊዜያቸው ያልፍ ነበር። በ2017 አንድ ተኩል ሆነ። ቁጥሩ የተገኘው ከቤቱ የማስወገጃ ዝርዝርና የግዢ ደረሰኝ ነው።»

ከባለቤቷ አንደበት የተጠቀሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «አዲሱን የገዛሁት ደግሞ በብድር ነው፣ አሮጌው እያለልኝ።» የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን «አላስፈላጊ የካፒታል ወጪ ይደርስብን ነበር» በሚል አሳምሮት ነበር፤ ባለቤቷ ሲነበብላቸው «ይሄን ማን ነው ያለው?» ብለው ሳቁ። «እንትን»ን ማውጣት፣ የተደጋገመውን መቁረጥ ይፈቀዳል። ሰውየው ያልተናገረውን ቃል አፉ ውስጥ ማስገባት ግን፣ ቃሉ ቢያምርም፣ ጥቅሱን ጥቅስ አያሰኘውም።

ቁጥሩ ከየት እንደተገኘ የሚናገረውን የሦስተኛውን አንቀጽ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ደረቅ ነው ብለው ይቆርጡታል። እኔ ብሆን ርዕሱን ቆርጬ እሱን እተወዋለሁ።

## ስሙ ይጠቀስ?

ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ለባለቤቷ ተነበበላቸው። ይህ የወዳጅነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስም፣ ምስልና ድምፅ መያዝና መጠቀም በሕግ የሚጠየቅበት ነገር ሆኗል። ቀድሞ ለመቅዳት የተሰጠ ፈቃድ ለማውጣት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ።

ባለቤቷ በቁጥሮቹ ላይ አልተከራከሩም። የከበዳቸው የቤቱ ስም «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት» ከሚል ሐረግ ጎን መቆሙ ነው። «ሰው ግማሹን ነው የሚያነበው። ለሕመምተኛ የሸጥን ይመስለዋል።» ትክክል ናቸው። ወጣቱ ሁለት አማራጭ አቀረበ፤ ስሙን ጠቅሶ ዕቃው በቆጠራ ተገኝቶ መለየቱን በግልጽ መጻፍ፣ ወይም ስሙን ትቶ ሰፈሩንና የቤቱን ስፋት ማስቀመጥ። ሁለተኛውን መረጡ። ስም የሌለው ታሪክ ክብደቱ ይቀንሳል፤ አንባቢ ደውሎ ሊያረጋግጠው አይችልምና። እዚህ ላይ ጸሐፊው ማካካስ የሚችለው በዝርዝር ብቻ ነው፦ ቀኑ፣ መደርደሪያው፣ የዓመቱ ስሕተት፣ ቁጥሩ የመጣበት ወረቀት። ከዚህ ሌላ ሥራ አስኪያጁ የጠየቀውን «ታዋቂ መድኃኒት ቤት» የሚል ቅጽል ማስገባት ስም አልባነቱን ያባብሰዋል እንጂ አይሸፍነውም።

አንድ ክርክር እስከ መጨረሻው ቆየ። ድርጅቱ ከሌሎች ደንበኞቹ መካከል ይህን ያህል ቅናሽ ያላገኙ አሉት፤ ሰኞ ዝርዝሩን አትመው የማይለጥፉ ናቸው። የአንዱ ምርጥ ደንበኛ ቁጥር ብቻውን ሲወጣ አንባቢ ሁሉም እንደዚያ ያገኛል ብሎ ያስባል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያሻሽል «ውጤቱ ከሰው ሰው ሊለያይ ይችላል» የምትለው ትንሽ ማስታወሻ ከዚህ አታድንም፤ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ምን እንደሆነ ይነገር ብሏል። ያ መመሪያ እዚህ አይሠራም። ሆኖም ወጣቱ በመጨረሻ አንድ መስመር ጨመረ፤ ዝርዝሩን በየሳምንቱ የማይጠቀሙ ቤቶች ይህን ያህል ለውጥ እንዳላዩ የሚገልጽ። ሥራ አስኪያጁ መስመሯን ሁለት ጊዜ ሰርዟት ነበር፤ የሽያጭ ክፍሉ ነው የመለሳት። ምክንያታቸው ሐቀኝነት አይደለም፤ «ዝርዝሩን የማይጠቀም ደንበኛ ነው በየወሩ ደውሎ የሚሰድበን» የሚል ነው።

ጽሑፉ ላይ አሁን የወጣበት ወርና ዓመት ተጽፏል። የ2018 ቆጠራ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲጠናቀቅ ወጣቱ ተመልሶ ሄዶ የማስወገጃውን ዝርዝር ሊያይ ከባለቤቷ ጋር ተነጋግሯል። ቁጥሩ ወደ 3 ከፍ ካለ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ 3 ይጻፋል።